ከድሬዳዋ ወደ ቨርጂኒያ፦ የመምህርነት ፈቃድ ለማውጣት ከመሄዳችሁ በፊትና ከሄዳችሁ በኋላ

ቪዛ ከተመታ በኋላ ድሬዳዋ ላይ የሚቀሩት ሳምንታት እንዴት እንደሚያልፉ የደረሰበት ያውቀዋል። ዕቃ ይሸጣል፣ በርበሬና ሽሮ ይፈጫል፣ ዘመድ ይሰናበታል። በዚህ ሁሉ መሃል ሐረማያ ወጥቶ ሬጅስትራር ደጅ የሚቆም መምህር ግን ጥቂት ነው። ብዙዎች ኦርጅናል ዲግሪያቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ይከቱና በቃ፣ ሞልቷል ይላሉ። አይሞላም። አሜሪካ ውስጥ የመምህርነት ፈቃድ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ነገር ግማሹ እዚሁ የሚያልቅ ነው። ከሄዳችሁ በኋላ በወንድም፣ በእህት፣ በውክልና ሲሠራ ወራት ይበላል።

እኔ ድሬዳዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት አብራኝ ታስተምር የነበረች የኬሚስትሪ መምህርት ወደ ቨርጂኒያ ስትሄድ ወረቀቷን እዚህ ሆኜ ስጨርስላት ነው። ስለዚህ ምሳሌዬ እሷ ናት። ቨርጂኒያን የመረጥኩት ብዙ ወገን አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ አካባቢ ስለሚኖር ነው። አሜሪካ ውስጥ የመምህርነት ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት እንጂ የፌዴራል መንግሥቱ አይደለም። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ የምትሄዱ ከሆነ የእዚህ ጽሑፍ የድሬዳዋው ክፍል እንዳለ ይሠራል፤ የቨርጂኒያውን ክፍል ግን በግዛታችሁ ደንብ ቀይሩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባን። እኛ ዘንድ ኬሚስትሪ የተመደበ መምህር እጥረት ካለ ባዮሎጂ ይጨመርለታል፣ ሲቪክስም ሊያስተምር ይችላል። እዚያ እንዲህ አይሄድም። ላይሰንሱ መምህር መሆናችሁን ይናገራል። ላይሰንሱ ላይ የሚጻፈው ኢንዶርስመንት ደግሞ ምን ትምህርት፣ ለየትኛው ክፍል እንደምታስተምሩ ይወስናል። ኢንዶርስመንቱ የሚሰጠው ዲግሪው ላይ በተጻፈው ስም ብቻ አይደለም። በዚያ ትምህርት ስንት ሰዓት ኮርስ እንደወሰዳችሁ ተቆጥሮ ነው። ለዚህ ነው ትራንስክሪፕቱ ከዲግሪው በላይ የሚፈለገው።

አንደኛ፦ ዲግሪያችሁ የየትኛው ዘመን እንደሆነ እዩ

ይህ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ግን ነገሩን ሁሉ የሚወስን ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ነው። በእነሱ አቆጣጠር ወደ 120 ሰሚስተር ሰዓት ይሆናል። የእኛ የመምህራን ሥልጠና ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተመረቀ መምህር አራት ዓመት ተምሯል፤ እሱ ብዙም አይቸገርም። ከዚያ በኋላ ግን ዲግሪው ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። ቀጥሎ ደግሞ ሦስት ዓመት አፕላይድ ተምሮ አንድ ዓመት ፒጂዲቲ የሚጨምር አሠራር መጣ።

የሦስት ዓመቱን ዲግሪ ብቻውን ካስገመገማችሁት አንዳንዱ ገምጋሚ ድርጅት ሙሉ ዲግሪ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የሦስት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ከተጻፈባችሁ ፈቃዱ እዚያው ላይ ይቆማል። መፍትሔው ፒጂዲቲውን አብሮ ማስገምገም ነው። የባልደረባዬን ሒሳብ እንዲህ ሠራነው፦ የሦስት ዓመቱ ዲግሪ ወደ 90 ሰዓት፣ ፒጂዲቲው እንደ አንድ ዓመት ሲቆጠር ወደ 30 ሰዓት፣ ድምሩ 120። ፒጂዲቲን ምን ያደርግልኛል ብሎ ሰርተፊኬቱን እንኳ ሳይወስድ የቀረ ብዙ ሰው አውቃለሁ። እባካችሁ ሂዱና አውጡት። ማስተርስ ያላችሁም የማስተርሱን ትራንስክሪፕት ጨምሩበት።

በክረምት ፕሮግራም ዲግሪ የያዛችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ። መጀመሪያ ከመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማ ይዛችሁ፣ ከዚያ ለዓመታት ክረምት ክረምት ተምራችሁ ነው ዲግሪውን ያገኛችሁት። የዲግሪው ትራንስክሪፕት ብቻውን ሲታይ አጭር ይመስላል። ገምጋሚው የሚያየው ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ነው። ስለዚህ የዲፕሎማውም የዲግሪውም ትራንስክሪፕት አብሮ መሄድ አለበት፤ ሐረር የተማራችሁ ከሐረሩ ኮሌጅም ጭምር ታወጣላችሁ። ዲፕሎማ ብቻ ያላችሁ ግን በዚህ መንገድ አትሄዱም። እዚያ ደርሳችሁ ክሬዲታችሁን ወደ ኮሌጅ አዛውራችሁ ዲግሪውን መጨረስ ነው ያለባችሁ።

ሁለተኛ፦ ሐረማያ ውጡ

በጠዋት ከድሬ ሚኒባስ ይዛችሁ በደንገጎ ስትወጡ ዩኒቨርሲቲው ዐርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሐረር ደግሞ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሹራብ ያዙ፤ ሙቀቱ ደንገጎ ላይ ነው የሚቀረው። የምርቃት ሰሞን ሬጅስትራር ሰው ስለሚበዛበት ከቻላችሁ ሌላ ጊዜ ሂዱ።

እጃችሁ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ለዩ። ቴምፖ ብቻ ከሆነ ያለው መጀመሪያ ኦርጅናሉን ማውጣት አለባችሁ። ለእሱ ደግሞ የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ማለቅ አለበት። መምህር ሆኖ ለተመደበ ሰው ወጪው በአገልግሎት የሚካካስበት አሠራር ስላለ፣ ከትምህርት ቢሮ ስንት ዓመት እንዳገለገላችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ይዛችሁ መሄድ ነው። ይህን ደብዳቤ ሳትይዙ ከወጣችሁ ደንገጎን በባዶ እጅ ትወርዳላችሁ።

የምትጠይቁት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ስቱደንት ኮፒ አይደለም። ስቱደንት ኮፒ ለእናንተ ማያ ነው። ኦፊሻሉ በዩኒቨርሲቲው ፖስታ ይታሸጋል፣ መታሸጊያው ላይ ማኅተምና ፊርማ ያርፍበታል፣ ለገምጋሚው ድርጅት በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ይላካል። የገምጋሚውን ፎርም አስቀድማችሁ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ፣ የማመልከቻ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ስጡ። ያ ቁጥር ከሌለ ፖስታው አሜሪካ ይደርሳል፣ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

እኔ የሠራሁት ስህተት እዚህ ጋ ነው። የባልደረባዬ ፖስታ ሲሰጠኝ ትክክል መሆኑን ልይ ብዬ ከፈትኩት። ውስጡ ልክ ነበር፤ ግን ፖስታው ከተከፈተ ኦፊሻል አይባልም። እንደገና ከፍለን፣ እንደገና ጠብቀን ሌላ አስወጣን። ለማየት ከፈለጋችሁ አንድ ያልታሸገ ኮፒ ጨምራችሁ ጠይቁ። ፒጂዲቲውን ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ከእሱም ለብቻው የታሸገ ፖስታ ያስፈልጋል።

ያልታሸገውን ኮፒ ስትይዙ ከመስኮቱ ሳትርቁ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ኮርሶቹ በሙሉ አሉ? ከእያንዳንዱ ኮርስ ጎን ያለው ቁጥር ክሬዲት አወር ነው ወይስ ኢሲቲኤስ? የምርቃት ቀኑ ተጽፏል? ሞጁላር ሥርዓት ከመጣ በኋላ የተመረቃችሁ ብዙዎቻችሁ በኢሲቲኤስ ነው የምታገኙት። ሁለቱም ዓይነት ካለበት የትኛው የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍላችሁ። ካልተጻፈ እዚያው አስተካክሉ።

ሦስተኛ፦ ስምና ዘመን

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ላብራራው።

ስማችሁ በዲግሪው፣ በትራንስክሪፕቱ፣ በሥራ ልምዱና በፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ተደርቦ፣ ሌላው ላይ ሳይደረብ ታገኙታላችሁ። አንዱ የአያት ስም አለው፣ ሌላው የአባት ብቻ። ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው። እዚያ ዶሴ ለሚከፍተው ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ነው። ልዩነት ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ቃለ መሐላ አስወጡ። ማመልከቻ ስትሞሉ ደግሞ ሁልጊዜ በፓስፖርቱ ስም ሙሉ፤ ሌላ ስም አለህ ወይ በሚለው ቦታ ዲግሪው ላይ ያለውን ጻፉ።

የዘመኑ ነገር ደግሞ ከስሙም ይብሳል። ዩኒቨርሲቲው በአብዛኛው በፈረንጆች ዘመን ይጽፋል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሥራ ልምዱን በእኛ ዘመን ይጽፋል። ባልደረባዬ ዲግሪዋን የጨረሰችው በ2008 ነው፣ ፒጂዲቲውን በ2009። ማስተማር የጀመረችው መስከረም 2010 ሲሆን የለቀቀችው ሰኔ 2016 ነው። ሁሉም ልክ ነው። መጀመሪያ የተጻፈላት የሥራ ልምድ ግን በእንግሊዝኛ ሆኖ "ከ2010 እስከ 2016" ብሎ ዝም ይላል። ዓ.ም. የሚል ምልክት የለውም። ትራንስክሪፕቷ ላይ ዲግሪው ሐምሌ 2016 ይላል፤ በፈረንጆቹ ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እንደ አሜሪካዊ ሠራተኛ አንብቧቸው። ሴትዮዋ ዲግሪ ሳትይዝ ስድስት ዓመት አስተምራ፣ በተመረቀችበት ዓመት ሥራ የለቀቀች ትመስላለች።

ስለዚህ ሁሉም ቀን በፈረንጆች ዘመን ይጻፍ፤ አጠገቡ የእኛው ካስፈለገ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው ሰባት ይደመርበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ይደመርበታል። መስከረም 2010 ሴፕቴምበር 2017 ነው፤ ሰኔ 2016 ደግሞ ጁን 2024። አሁን ሁለቱ ወረቀቶች ይገጥማሉ።

አራተኛ፦ የሥራ ልምዱን በዝርዝር አስጽፉ

"ከዚህ እስከዚህ በመምህርነት አገልግለዋል፣ ለሚመለከተው ሁሉ" የሚለው የተለመደ ደብዳቤ ለአገር ውስጥ ይበቃል። ለዚያ አይበቃም። ደብዳቤው ላይ የትምህርት ዓይነቱ በስም፣ የክፍል ደረጃው፣ የሙሉ ጊዜ ሥራ መሆኑ፣ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ወይም የግል መሆኑና ቀናቱ መኖር አለባቸው። የክፍል ደረጃው ያስፈለገው የቨርጂኒያ የኬሚስትሪ ኢንዶርስመንት ለላይኛዎቹ ክፍሎች ስለሆነ ነው። ዘጠነኛና ዐሥረኛ አስተምራችሁ "መምህር" ብቻ ከተባለላችሁ ልምዱ የየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚያሳይ ነገር የላችሁም። ልምዱ ሥራ ስትይዙ ለደመወዝ እርከንም ይታያል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዓመት ዋጋ አለው። ርዕሰ መምህሩ ፈርሞ፣ ትምህርት ቢሮው አረጋግጦ ይስጣችሁ። ሐረር ያላችሁ ከሐረሪ ክልል ትምህርት ቢሮ ነው የምታረጋግጡት። የመምህርነት ሙያ ፈቃድ ምዘና አልፋችሁ ሰርተፊኬት ካላችሁ እሱንም አስተርጉማችሁ ያዙ።

አምስተኛ፦ ማስገምገም

የኢትዮጵያን ዲግሪ ወደ አሜሪካ የሚተረጉመው የቨርጂኒያ ትምህርት መሥሪያ ቤት ራሱ አይደለም። የግል ገምጋሚ ድርጅቶች ናቸው። ማንም ገምጋሚ ግን አይሆንም፤ መሥሪያ ቤቱ የሚቀበላቸው ድርጅቶች ዝርዝር አለ። ከዝርዝሩ ውጪ በርካሽ ያስገመገመ ሰው ገንዘቡን አጥቷል ማለት ነው። ሳትከፍሉ በፊት ደግሞ በኢሜይል አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ የሦስት ዓመት የኢትዮጵያ ዲግሪንና የአንድ ዓመት ፒጂዲቲን አንድ ላይ እንዴት ነው የምትቆጥሩት? መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

የግምገማ ዓይነት ስትመርጡ Course-by-Course የሚለውን ምረጡ። ሌላኛው፣ Document-by-Document፣ ርካሽ ነው፤ የሚናገረው ግን ዲግሪው ከአሜሪካ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን ብቻ ነው። ለስደተኞች ጉዳይ ወይም ለተራ ሥራ ይበቃል። ኢንዶርስመንት የሚሰጠው ሰው ግን እያንዳንዱን ኮርስና ሰዓቱን ማየት አለበት።

ስድስተኛ፦ ኬሚስትሪው ስንት ሰዓት ነው?

ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ራሳችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። ቨርጂኒያ ለኬሚስትሪ ኢንዶርስመንት 32 ሰሚስተር ሰዓት የኬሚስትሪ ኮርስ ትጠይቃለች። ለባዮሎጂና ለፊዚክስም 32 ነው፤ ለሒሳብ 36። ኢሲቲኤስን ወደ ሰሚስተር ሰዓት ለመቀየር ለሁለት አካፍሉት፤ ምክንያቱም አንድ ሙሉ ዓመት በኢሲቲኤስ 60፣ በእነሱ 30 ነው።

ከባልደረባዬ ጋር ትራንስክሪፕቷን ይዘን ተቀመጥን። ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክ፣ አናሊቲካል፣ ፊዚካል ኬሚስትሪ፣ ላቦራቶሪዎቹን ጨምረን ስንደምር 112 ኢሲቲኤስ መጣ። ለሁለት ሲካፈል 56 ሰዓት። ከ32 ብዙ ያልፋል። ፊዚክስም አስተምር ነበር፣ ሁለቱንም ላውጣ አለች። የፊዚክስ ኮርሶቿ 10 ኢሲቲኤስ ብቻ ነበሩ። 5 ሰዓት ማለት ነው። ሦስት ዓመት ፊዚክስ ማስተማሯ ይህን ቁጥር አይለውጠውም። ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ያስተማራችሁት ሳይሆን የተማራችሁት ነው የሚቆጠረው።

ሁለተኛ ትምህርት ለመጨመር ግን ሌላ በር አለ። በአንድ ትምህርት ላይሰንስ ከያዛችሁ በኋላ የሌላውን ትምህርት ፈተና አልፋችሁ ኢንዶርስመንቱን ማስጨመር ይቻላል። ይህ ለሁሉም አይሠራም፤ ለምሳሌ ለአንደኛ ደረጃና ለልዩ ፍላጎት ትምህርት አይሆንም። ለፊዚክስ ግን ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በጠንካራው ትምህርታችሁ ግቡ፣ ሌላውን በኋላ ጨምሩ።

ከትምህርቱ ሌላ የማስተማር ሙያ ኮርሶችም ይቆጠራሉ። ለሁለተኛ ደረጃ 18 ሰዓት ነው፦ የሰው ልጅ እድገትና መማር፣ ሥርዓተ ትምህርትና ማስተማር፣ ምዘና፣ የትምህርት መሠረቶች፣ የክፍል አያያዝ፣ በየትምህርቱ ውስጥ የሚሰጥ የንባብና የቋንቋ ክህሎት። እዚህ ላይ ፒጂዲቲ ሁለተኛ ጥቅሙን ያሳያል፤ የሥነ ልቦናው፣ የምዘናው፣ የማስተማር ዘዴው ኮርስ ብዙውን ቦታ ሊሸፍን ይችላል። ብዙ ጊዜ ክፍት የሚቀረው የመጨረሻው ነው። በእኛ ሥልጠና የኬሚስትሪ መምህር ስለ ንባብ ኮርስ አይወስድም። የኮርሶቻችሁን መግለጫ ከዲፓርትመንታችሁ በእንግሊዝኛ ይዛችሁ ሂዱ። "ሳይኮሎጂካል ፋውንዴሽን" የሚለው ርዕስ ውስጡ ምን እንዳለው የሚያሳየው መግለጫው ነው።

ሰባተኛ፦ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ

የትምህርት ዓይነቱ ፈተና ፕራክሲስ ይባላል። የኬሚስትሪ መምህር የኬሚስትሪውን ይፈተናል። አጥኑ፤ ይዘቱን ታውቁታላችሁ፣ ግን በኮምፒውተርና በሰዓት መሥራቱ ለለመደው ነው።

ሙሉ ላይሰንስ እስክታገኙ ሥራ አይገኝም ብላችሁ አትቀመጡ። ዲግሪያችሁና የትምህርት ዓይነታችሁ ከተሟላ፣ የሙያ ኮርስ ወይም ፈተና ቢጎድላችሁም፣ የሚቀጥራችሁ ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ጊዜያዊ ላይሰንስ ይወጣላችኋል። ፕሮቪዥናል ይሉታል። ብዙውን ጊዜ የሚያመለክትላችሁ ቀጣሪው ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ግምገማ፣ ቀጥሎ ሥራ ፍለጋ፣ ከዚያ ላይሰንስ ነው። ግምገማው እጃችሁ ላይ ካለ ቀጣሪው ምን እንደሚጎድላችሁ ቁጭ ብሎ ሊነግራችሁ ይችላል። ወረቀቱ እስኪደርስ ባልደረባዬ ተተኪ መምህር ሆና ሠርታለች። የአሜሪካ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንዴት እንደሚያዝ የተማርኩት ያኔ ነው ትላለች።

ሦስቱ ዓመት የሚጀምረው ጊዜያዊው ላይሰንስ ከወጣ ጊዜ አንስቶ ነው። ስለዚህ ከላይሰንሱ ጋር አብሮ የሚመጣውን የጎደሉ ነገሮች ዝርዝር በመጀመሪያው ሳምንት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። የጎደለውን ኮርስ በመጀመሪያው ዓመት ውሰዱ፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም በኦንላይን የሚሰጥ ከሆነ ይቀላል። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ኮርሱ እንደሚቆጠርላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ። የመጀመሪያ እርዳታ፣ የሕፃናት ጥቃትን የመለየትና የዲስሌክሲያ ሥልጠናዎች አጭር ናቸው፤ በአንድ ወር ጨርሷቸው። ባልደረባዬ የጎደላት የንባቡ ኮርስና ፈተናው ነበር። ሁለቱንም በሁለተኛው ዓመት ጨረሰች፣ ዐሥር ዓመት የሚያገለግለውን ላይሰንስ አወጣች። የፊዚክሱን ፈተና ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ልፈተን ብላ እያጠናች ነው።